ሩቡ የየትኛው ሞገድ ሩብ ነው? ስለ መስታወት ጸረ-ነጸብራቅ ሽፋን

ጥያቄ፦ «ለመመረቂያ ፕሮጀክታችን ከካሜራ ፊት የሚቆም ተራ ጠፍጣፋ መስታወት አለን፤ ነጸብራቁ እንዲቀንስ ልንሸፍነው ነው። የትምህርት ክፍላችን የቫኪዩም ማትነኛ ማሽን አለው፣ ማግኒዚየም ፍሎራይድም አግኝተናል። የአረንጓዴ ብርሃንን 550 ናኖሜትር ለአራት ስናካፍል 137.5 ናኖሜትር ወጣ። አንዱ የቡድናችን አባል ግን ‹ብርሃን ሲንጸባረቅ ስለሚገለበጥ ትክክለኛው ውፍረት ግማሽ ሞገድ ነው› ይላል። ሌላዋ ደግሞ ‹ሦስት እጥፍ እናወፍረው፣ ቶሎ አይላጥም› ትላለች። ማን ልክ ነው? ሁለቱ ሞገዶች ሲጠፋፉስ ብርሃኑ የት ይገባል?»

ምላሽ፦

የሚያስፈልጋችሁ ውፍረት 100 ናኖሜትር ገደማ ነው። 137.5 ስህተት ነው፣ ግማሽ ሞገድ ምንም አይጠቅምም፣ ሦስት እጥፉም ለካሜራ አይሆንም። ሦስቱም ስህተቶች ግን ከተለያየ ቦታ ስለመጡ ተራ በተራ ልያቸው።

ከ137.5 እንጀምር። 550 ናኖሜትር የአረንጓዴው ብርሃን የሞገድ ርዝመት በአየር ውስጥ ነው። ብርሃኑ ግን መንገዱን የሚሄደው በአየር ውስጥ ሳይሆን በሽፋኑ ውስጥ ነው፤ ወደ ሽፋኑ ሲገባ ፍጥነቱ ይቀንሳል፣ ድግግሞሹ ግን አይለወጥም፤ ስለዚህ ሞገዱ ያጥራል። የሚያጥርበትን መጠን የሚነግረን የሽፋኑ የስብረት ኢንዴክስ ነው። የማግኒዚየም ፍሎራይድ ኢንዴክስ በአረንጓዴ ብርሃን 1.38 ነው። ስለዚህ ሽፋኑ ውስጥ ያለው ሞገድ 550 ለ1.38 ሲካፈል፣ ማለትም 399 ናኖሜትር ገደማ ነው። መካፈል ያለበት ይህኛው ሞገድ ነው፤ ሩቡ 99.6 ናኖሜትር ይሆናል። ቀመሩ ይህ ነው፤ `d` የሽፋኑ ውፍረት፣ `λ` በአየር ውስጥ ያለው የሞገድ ርዝመት፣ `n` የሽፋኑ ኢንዴክስ ነው፦

`d = λ / (4n)`

ለምን ሩብ? ከሽፋኑ የላይኛው ገጽ የሚንጸባረቀው ብርሃን ወዲያው ይመለሳል። ከታች፣ ሽፋኑና መስታወቱ ከሚገናኙበት ገጽ የሚንጸባረቀው ግን ሽፋኑን አንዴ ወርዶ አንዴ ወጥቶ ነው የሚመለሰው። ሩብ ሲወርድ ሩብ ሲወጣ በድምሩ ግማሽ ሞገድ ወደ ኋላ ይቀራል። የአንዱ ከፍታ ከሌላው ዝቅታ ጋር ይገጥማል፣ ይጠፋፋሉ።

137.5 ብትቀቡ ሥራው ሙሉ በሙሉ አይበላሽም፤ እንዲህ ዓይነቱ ስህተት ሳይታወቅ የሚያልፈውም ለዚህ ነው። ያ ውፍረት በ1.38 ተባዝቶ እንደገና በአራት ሲባዛ 759 ናኖሜትር ይሰጣል። ይኸውም መስታወታችሁ በጣም ጥቂት የሚያንጸባርቀው ዓይን በማያየው የኢንፍራሬድ ጠርዝ ላይ ይሆናል ማለት ነው። ያልተሸፈነ መስታወት ከአንድ ገጹ 4.3 በመቶ ያንጸባርቃል። በ137.5 ሽፋን አረንጓዴው ወደ 2.2 በመቶ ይወርዳል፣ ቀዩም ወደ 1.5 ይወርዳል፣ ሰማያዊው ግን 450 ናኖሜትር ላይ 3.6 በመቶ ሆኖ ይቀራል። መስታወቱ ብሩህ ሰማያዊ ሆኖ ይታያችኋል፤ «ሠራ» ብላችሁ ትጽፋላችሁ፤ ካሜራችሁ ግን ከሰማያዊው ነጸብራቅ ብዙም አልተገላገለም።

አሁን ወደ ግማሽ ሞገዱ። ጓደኛችሁ ያነሳው ሐሳብ ውስጥ እውነት አለ፤ የዘነጋው አንድ ነገር ነው። ብርሃን ዝቅተኛ ኢንዴክስ ካለው ነገር መጥቶ ከፍተኛ ኢንዴክስ ያለው ነገር ሲገጥመው የሚንጸባረቀው ሞገድ ይገለበጣል፤ ይህም በግማሽ ሞገድ እንደመዘግየት ይቆጠራል። ከከፍተኛ ወደ ዝቅተኛ ሲሄድ ግን አይገለበጥም። እናንተ ዘንድ ቅደም ተከተሉ አየር 1.00፣ ሽፋን 1.38፣ መስታወት 1.52 ነው። የላይኛው ገጽ ከዝቅተኛ ወደ ከፍተኛ ነው፤ የታችኛውም እንደዚያው። ሁለቱም ነጸብራቆች ይገለበጣሉ። ሁለቱም ከተገለበጡ በመካከላቸው ልዩነት አይፈጠርም፤ የሚቀረው ልዩነት የመንገዱ ብቻ ነው፤ ለዚህም ነው ሩቡ በቂ የሚሆነው።

ጓደኛችሁ ምናልባት ያነበበው ስለ ሳሙና አረፋ ይሆናል። አረፋ በሁለቱም በኩል አየር ነው ያለው፤ ስለዚህ የውጪኛው ገጽ ይገለብጣል፣ የውስጠኛው አይገለብጥም። በዚህ ምክንያት እየሳሳ የሄደ የሳሙና ስስ ሽፋን ሊፈነዳ ሲቃረብ ጥቁር ሆኖ ይታያል፤ የመንገዱ ልዩነት ከዜሮ ጋር ተቃርቧል፣ ግልበጣው ብቻ ቀርቶ ሞገዶቹን ያጠፋፋቸዋል። እዚያ ትክክል የሆነው ሂሳብ መስታወት ላይ ለተቀባ ሽፋን አይሠራም።

ግማሽ ሞገድ፣ ማለትም 199 ናኖሜትር ብትቀቡ አረንጓዴው ብርሃን ሽፋኑን ጨርሶ እንዳላየው ይሆናል፤ 550 ላይ ነጸብራቁ ተመልሶ ያው 4.3 በመቶ ነው። በሙያው ውስጥ ያሉ ሰዎች እንዲህ ያለውን ንብርብር እንደሌለ ነው የሚቆጥሩት። ዳር ዳር ያሉት ቀለሞች ትንሽ ስለሚቀንሱ መስታወቱ አረንጓዴ ያንጸባርቃል፤ ካሜራው ከሁሉ በላይ የሚያየውን ቀለም መልሳችሁ ትወረውሩታላችሁ ማለት ነው።

የግልበጣው ነገር ከተነሳ አይቀር፣ ቁሳቁስ ስትቀይሩ የሚመጣውን አደጋ ላሳያችሁ። አንዳንዱ ማግኒዚየም ፍሎራይድ ሲያልቅበት «ሩብ እስከሆነ ድረስ ሌላም ይሠራል» ብሎ ቲታኒየም ዳይኦክሳይድ ያስገባል። የዚያ ኢንዴክስ 2.3 ገደማ ነው፤ ከመስታወቱ ይበልጣል። እንግዲህ የላይኛው ገጽ ይገለብጣል፣ የታችኛው አይገለብጥም፤ ሩብ ውፍረቱ ሁለቱን ሞገዶች ከማጠፋፋት ይልቅ ያደማምራቸዋል። ነጸብራቁ ከ4.3 ተነስቶ ወደ 31 በመቶ ይወጣል። ጸረ-ነጸብራቅ ብላችሁ ጀምራችሁ በከፊል የፊት ማያ መስታወት የሆነ ነገር ሠርታችሁ ታርፉታላችሁ። ብቻውን የሚቀባ ሽፋን ኢንዴክሱ የግድ ከአየር በላይ፣ ከመስታወቱ በታች መሆን አለበት።

እስካሁን ያልጠየቃችሁት ግን ከውፍረቱ ይበልጥ ውጤቱን የሚወስን ነገር አለ። ሩብ ሞገድ የሚያረጋግጠው ሁለቱ ሞገዶች ተቃራኒ ሆነው እንዲገናኙ ብቻ ነው። ፈጽመው እንዲጠፋፉ ደግሞ እኩል ጉልበት ሊኖራቸው ይገባል። በእናንተ ሽፋን እኩል አይደሉም። ከሁለቱ ገጾች የሚንጸባረቁትን ሞገዶች አምፕሊቲዩድ፣ ማለትም የሞገዱን ቁመት፣ ለየብቻ እንየው፤ የኢንዴክሶቹ ልዩነት ለድምራቸው ሲካፈል ነው። ከላይ 0.38 ለ2.38፣ ማለትም 0.160። ከታች 0.14 ለ2.90፣ ማለትም 0.048። ትልቁ ሞገድ በትንሹ ሲቀነስ 0.112 ይተርፋል። ብርሃን የሚለካው በአምፕሊቲዩዱ ካሬ ስለሆነ የቀረው ነጸብራቅ 1.25 በመቶ ገደማ ነው። ሽፋኑ ውስጥ ደጋግመው የሚመላለሱትን ሞገዶች የሚጨምረው ሙሉ ስሌት 1.26 ይሰጣል፤ ልዩነቱ ከቁብ የሚገባ አይደለም። ለሩብ ሞገድ ሙሉው ቀመር ይኸውላችሁ፤ `n` የሽፋኑ፣ `g` የመስታወቱ ኢንዴክስ ነው፦

`R = ((g − n²) / (g + n²))²`

ቀመሩን አንዴ ስታዩት ዜሮ የሚሆንበት ቦታ ግልጽ ነው፤ የሽፋኑ ኢንዴክስ ካሬ ከመስታወቱ ኢንዴክስ ጋር እኩል ሲሆን። ለ1.52 መስታወት የሚፈለገው ሽፋን 1.23 ነው። ችግሩ እንዲህ ዝቅተኛ ኢንዴክስ ያለው ጠንካራና ጥቅጥቅ ያለ ነገር አለመገኘቱ ነው። ማግኒዚየም ፍሎራይድ የተመረጠው ፍጹም ስለሆነ ሳይሆን፣ ጠንክረው ከሚቀመጡትና በቀላሉ ከሚተኑት መካከል ኢንዴክሱ ዝቅ ያለ ስለሆነ ነው። እንዲያውም የመስታወቱ ኢንዴክስ ከዚህ ከፍ ሲል ሽፋኑ ይበልጥ ይስማማዋል፤ ኢንዴክሱ 1.72 በሆነ የሌንስ መስታወት ላይ ይኸው አንድ ንብርብር ነጸብራቁን ወደ 0.26 በመቶ ያወርደዋል። ተራ የመስኮት መስታወት ለዚህ ሽፋን የማይመች ደንበኛ ነው።

ከ1.38 በታች መውረድ የሚቻለው ሽፋኑን ቀዳዳ በቀዳዳ በማድረግ፣ ማለትም ውስጡ አየር በማስገባት ነው። የሶላር ፓነል መስታወቶች ላይ በፈሳሽ መልክ ተቀብቶ የሚጋገረው ባለ ቀዳዳ ሲሊካ የሚሠራው እንዲሁ ነው። ነገር ግን አየር በበዛ ቁጥር ጥንካሬ ይቀንሳል። ይህ ቅራኔ የቆየ ነው። በ1938 ካትሪን ብሎጀት የተባለች ተመራማሪ ጄኔራል ኤሌክትሪክ ኩባንያ ውስጥ ሆና እያንዳንዳቸው የአንድ ሞለኪውል ውፍረት ያላቸውን 44 ንብርብሮች መስታወት ላይ ደርባ ነጸብራቁን ከሞላ ጎደል አጥፍታው ነበር። የተጠቀመችበት ግን ሳሙና መሰል ነገር ስለነበረ በጣት የሚጠረግ ሆነ። በኢንዴክስ በኩል ከዛሬው ማግኒዚየም ፍሎራይድ ሳይሻል አልቀረም፤ በገበያው የዘለቀው ግን ጠንካራው ነው።

«ሦስት እጥፍ እናወፍረው» ያለችው እህታችሁ በፊዚክሱ በኩል አልተሳሳተችም። 299 ናኖሜትር ሦስት ሩብ ሞገድ ነው፤ ወርዶ ሲመለስ አንድ ሞገድ ተኩል ይዘገያል፤ አሁንም ተቃራኒ ሆኖ ይገጥማል። 550 ላይ የሚገኘው ውጤት በትክክል ያው 1.26 በመቶ ነው። ልዩነቱ የሚታየው ከአረንጓዴው ስትርቁ ነው። 450 ናኖሜትር ላይ ሩቡ 1.6 በመቶ ሲያንጸባርቅ ሦስት ሩቡ 3.5 በመቶ ያንጸባርቃል። መንገዱ ሲረዝም ትንሽ የቀለም ለውጥ ትልቅ የሞገድ ልዩነት ስለሚያመጣ፣ የሚጠፋፉበት ክልል ይጠባል። አንድ ቀለም ብቻ ላለው ሌዘር ይህ ብዙ ላያሳስብ ይችላል፤ ሁሉንም ቀለም ለሚያይ ካሜራ ግን ኪሳራ ነው። ጥንካሬውም ቢሆን የታሰበውን ያህል አይመጣም። ማግኒዚየም ፍሎራይድ ከተቀባ በኋላ ራሱን የመወጠር ባሕርይ አለው፤ በወፈረ ቁጥር ውጥረቱ እየተጠራቀመ ይሄድና በአጉሊ መነጽር የሚታዩ የፀጉር ያህል ስንጥቆች ይፈጠሩበታል። ቶሎ የሚላጠው ስሱ ሳይሆን ወፍራሙ ሊሆን ይችላል።

ብርሃኑ የት ይገባል ለሚለው፤ መስታወቱን አልፎ ወደ ካሜራው ይገባል። እዚህ ላይ ሁለት ሞገዶች ከወጡ በኋላ መንገድ ላይ ተገናኝተው የተገዳደሉ አድርጎ መሳል ነው ጥያቄውን የሚያወሳስበው። ሽፋኑ ውስጥ የቀረውን ሞገድ ተከተሉት። ከታችኛው ገጽ ተንጸባርቆ ሲመለስ ተገልብጧል። ወደ ላይ ወጥቶ ከላይኛው ገጽ ከውስጥ በኩል ሲንጸባረቅ ከከፍተኛ ወደ ዝቅተኛ ስለሆነ አይገለበጥም። በዚህ ምልልስ በመንገድ ግማሽ ሞገድ ዘግይቷል፣ በግልበጣ ሌላ ግማሽ ተጨምሮበታል፤ ድምሩ ሙሉ ሞገድ ነው። ስለዚህ በቀጥታ ካለፈው ብርሃን ጋር እኩል እየረገጠ ወደ መስታወቱ ይገባል፣ ያጠናክረዋል። ከነጸብራቁ የጎደለው ሁሉ ካለፈው ላይ ይጨመራል። በቁጥር ስናየው ያልተሸፈነ መስታወት ከሁለቱ ገጾቹ ጋር 91.8 በመቶ ያሳልፋል፤ ሁለቱም ገጾች ሲሸፈኑ አረንጓዴው ላይ 97.5 ይደርሳል። መስታወቱ ራሱ የሚውጠውን ጥቂት ብርሃን ግን አልቆጠርኩም።

አንድ ጎኑን ብቻ ሸፍናችሁ እንዳትቆሙ። ያልተሸፈነው የኋላ ገጽ ብቻውን 4.3 በመቶ ይመልሳል፤ የፊቱን 1.26 በሦስት እጥፍ ይበልጠዋል።

ሽፋኑ ሲያልቅ ሐምራዊ መልክ ይኖረዋል፤ ይህ ጉድለት አይደለም። 550 ላይ ነጸብራቁ ከሁሉ ያንሳል፤ ወደ ሁለቱ ጠርዞች ስትሄዱ ይጨምራል፤ 400 ላይ 2.2፣ 700 ላይ 1.6 በመቶ ነው። አረንጓዴው ጎድሎ ሰማያዊና ቀይ ሲቀላቀሉ ሐምራዊ ይሆናል። (መነጽር ቤት ውስጥ የሚታየው አረንጓዴ ወይም ሐምራዊ አንጸባራቂ መልክም ከዚህ የተለየ ምሥጢር የለውም፤ ሽፋኑ ያልያዘው የተረፈ ቀለም ነው፤ የጥራት ማኅተም ተደርጎ ሲነገር ስሰማ ይገርመኛል።) መስታወቱን ስታጋድሉት ደግሞ ቀለሙ ይቀየራል። በ45 ዲግሪ ሲታይ ዝቅተኛው ነጥብ ከ550 ወደ 472 ናኖሜትር ይሸሻል፤ ነጸብራቁ ወደ ቀይ ያደላል። ሰው ሽፋኑ ሲያጋድል ወደ ረጅም ሞገድ የሚሸሽ ይመስለዋል፣ መንገዱ ስለረዘመ። እውነታው ተቃራኒው ነው፤ ከላይ የተንጸባረቀውም ሞገድ በጎን በኩል መንገድ ስለሚጨምር የሁለቱ ልዩነት በአጠቃላይ ያጥራል። ካሜራችሁ በሰፊ ማዕዘን የሚያይ ከሆነ ለ550 ፈንታ ወደ 570 አካባቢ ማነጣጠር ብልህነት ነው።

ወደ ማሽኑ እንምጣ። ብዙ የተማሪ ሽፋን የሚበላሸው በስሌት ሳይሆን እዚህ ነው። መጀመሪያ ንጽሕናው። መስታወቱን በሳሙና እጠቡ፣ በተጣራ ውኃ አለቅልቁ፣ በአይሶፕሮፓኖል ጨርሱ፤ ከዚያ ትንፋሻችሁን እፍ በሉበት። ጉሙ እኩል ተዘርግቶ እኩል ከጠፋ ንጹሕ ነው። ነጠብጣብ ወይም የጣት ቅርጽ ካሳየ መልሳችሁ እጠቡ፤ ያ ቅርጽ ሽፋኑ ላይም ይወጣል፣ መጀመሪያ የሚላጠውም እዚያው ላይ ነው።

ቀጥሎ ሙቀት። ማግኒዚየም ፍሎራይድ የሚጠነክረው መስታወቱ 250 እስከ 300 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ሞቆ ሲቀባ ነው። በቀዝቃዛ መስታወት ላይ የተቀባው ስፖንጅ መሰል ነው፤ ኢንዴክሱም ከ1.38 ይወርዳል፣ በጨርቅም ይጠረጋል፣ ቫኪዩሙን ከፍታችሁ አየር ሲያገኘው የአየሩን እርጥበት ይጠጣና ዝቅተኛው ነጥብ ቦታውን ይለውጣል። ዛሬ ለክታችሁ በማግሥቱ ሌላ ቁጥር ካገኛችሁ መጀመሪያ የምጠረጥረው ይህንን ነው። ሙቀቱን ቀስ ብላችሁ ከፍ አድርጉ፤ ከጨረሳችሁም በኋላ እዚያው ቫኪዩሙ ውስጥ ቀስ ብሎ ይቀዝቅዝ፤ ተራ መስታወት ድንገተኛ ቅዝቃዜ ይሰነጥቀዋል። ማሽናችሁ ማሞቂያ ከሌለው ሽፋኑን መሥራት ትችላላችሁ፤ ግን ፈጽሞ እንዳይነካ ካሜራው ሳጥን ውስጥ፣ ሽፋኑ ወደ ውስጥ ዞሮ ይቀመጥ። መስታወቱ በአክሪሊክ ወይም በሌላ ፕላስቲክ የሚተካ ከሆነ ደግሞ ይህ ሙቀት ስለሚያቀልጠው ይህን ዘዴ ተዉት።

ውፍረቱን የሚለካላችሁ የኳርትዝ ክሪስታል ነው። ክሪስታሉ ውፍረት አያውቅም፤ የሚያውቀው ላዩ ላይ ያረፈውን ክብደት ነው። ክብደቱን ወደ ናኖሜትር የሚለውጠው እናንተ ባስገባችሁት እፍጋት ነው፤ ለማግኒዚየም ፍሎራይድ 3.18 ግራም በኪዩቢክ ሴንቲሜትር። በዚያ ላይ ክሪስታሉ የተቀመጠው መስታወቱ ካለበት ቦታ ራቅ ብሎ ስለሆነ ሁለቱ ላይ የሚያርፈው መጠን እኩል አይሆንም። ስለዚህ ስክሪኑ ላይ «100» ስላለ 100 ሆኗል ብላችሁ አትመኑ። አንድ የሙከራ ዙር ሥሩና ዝቅተኛው ነጥብ የት እንዳረፈ ብርሃንን በየሞገድ ርዝመቱ በሚለካው ስፔክትሮፎቶሜትር ተመልከቱ። ለምሳሌ ስክሪኑ 100 ብሎ ዝቅተኛው ነጥብ 510 ናኖሜትር ላይ ከወጣ ሽፋኑ ሳስቷል፤ በሚቀጥለው ዙር ስክሪኑ 108 እስኪል ጠብቁ፣ ይኸውም 100 በ550 ተባዝቶ ለ510 ሲካፈል የሚመጣው ነው። ማሽኑ ውስጥ የመስታወቱን ቦታ ካልቀየራችሁ ይህ ማስተካከያ ለቀጣዩም ዙር ያገለግላል።

ስፔክትሮፎቶሜትር ከሌላችሁ ዓይናችሁ ብዙ ይነግራችኋል፤ ግን የመስታወቱን ጀርባ በጥቁር ቀለም ወይም በጥቁር ማርከር ከቀባችሁ በኋላ። አለዚያ ከጀርባው የሚመለሰው ነጭ ብርሃን የሽፋኑን ቀለም ያደበዝዘዋል። ነጭ ብርሃን ሥር ስታዩት ቢጫ ወይም ቡናማ ካንጸባረቀ ሳስቷል፣ ሐምራዊ ከሆነ ደርሷል፣ ወደ ሰማያዊ ከዞረ ወፍሯል። ስለ ጥቂት ናኖሜትር ግን አትጨነቁ። አሥር በመቶ ብትሳሳቱ እንኳ አረንጓዴው ላይ ነጸብራቁ ከ1.26 ወደ 1.34 ነው የሚሄደው፤ የኩርባው ሆድ ጠፍጣፋ ነው። ስህተቱ ጎልቶ የሚታየው ዳር ባሉት ቀለሞች ላይ ነው፤ በዓይን የሚታወቀውም ለዚህ ነው።

የማግኒዚየም ፍሎራይድን ዱቄትም ሆነ ከማሽኑ ግድግዳ የሚፋቀውን ቅርፊት አትተንፍሱት፤ ስታጸዱ የዱቄት ማስክና ጓንት አድርጉ፣ በደረቅ መጥረጊያ አትጥረጉ።

እንግዲህ ምክሬ ይህ ነው። 100 ናኖሜትር ማግኒዚየም ፍሎራይድ፣ በሞቀ መስታወት ላይ፣ በሁለቱም ጎን ሥሩ። መጀመሪያ ግን ሁለት ትንንሽ ቁራጭ መስታወቶችን ለሙከራ አስገቡ፤ አንዱን በቀለም ለማየት ጀርባውን አጥቁሩት፣ ሌላውን ለመለኪያ ተዉት። ከአንድ ገጽ 1.3 በመቶ ገደማ ካገኛችሁ አንድ ንብርብር ሊሰጣችሁ የሚችለውን ሁሉ አግኝታችኋል፤ ውፍረቱን ደጋግማችሁ በማስተካከል ከዚያ በታች መውረድ አይቻልም፣ የሚከለክላችሁ ኢንዴክሱ ነውና። አማካሪያችሁ ከግማሽ በመቶ በታች የሚል ከሆነ መልሱ ብዙ ንብርብር ነው። ለአንድ ቀለም ከፍተኛ ኢንዴክስ ያለው ንብርብር ከሥር፣ ማግኒዚየም ፍሎራይድ ከላይ አድርጎ ሁለት መደረብ ይበቃል፤ ለሙሉው የሚታይ ብርሃን ግን ሦስትና ከዚያ በላይ ያስፈልጋል። ያንን ሥራ አንድ ማትነኛ ብቻ ባለው ማሽን አልመክርም፤ በሁለት ንብርብሮች መካከል ቫኪዩሙን በከፈታችሁ ቁጥር አቧራና እርጥበት ይገባል። እንዲያ ከሆነ የተዘጋጀ መስታወት ገዝታችሁ ካሜራው ላይ ግጠሙ፣ የራሳችሁን ባለ አንድ ንብርብር ደግሞ ከእሱ ጋር አወዳድራችሁ ሪፖርት አድርጉ።

በምትለኩበት ጊዜ ጠቅላላ ማሳለፉ ከ97.5 በመቶ በታች፣ 96 ላይ ቢቀር ነገር ግን ቀለሙ ልክ ቢሆን ውፍረቱን አትንኩ። ያልተሸፈነ ቁራጭ ከዚያው መስታወት ቆርጣችሁ ለኩ። እሱም ከ91.8 በታች ከሆነ ብርሃኑን የሚውጠው መስታወቱ ራሱ ነው፤ ተራ የመስኮት መስታወት ውስጥ ያለው ብረት ይህን ያደርጋል፣ ጠርዙን በጎን ስታዩት አረንጓዴ የሚመስለውም ከዚያ የተነሳ ነው። ብረት የቀነሰ መስታወት ፈልጉ።